ከምስሉ አናት ላይ የቆረጥኩት

ነገሩ የጀመረው እሑድ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ታላቅ እህቴ ከሌሊት ፈረቃ ስትመለስ ሳሏ ከእሷ ቀድሞ ግቢ ገባ። በሩን ከፍቼ ሻይ ቀዳሁላት። ጋቢዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ብርጭቆውን በሁለት እጇ አቀፈችው። በደብረ ብርሃን ጠዋት ሻይ መጀመሪያ የሚፈለገው ለእጅ ነው፤ ለአፍ የሚደርሰው በኋላ ነው።

እህቴ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ናት። የምትሠራው ክር መፍተያ ክፍል ነው፤ ማሽኑ ሲዞር የጥጡ ብናኝ አየሩን ይሞላዋል። እኔ ዩኒቨርሲቲ እስክጨርስ ያስተማረችኝ እዚያ እየሠራች ነው። እናታችን አገር ቤት፣ ጎረቤላ ናት፤ እኛ ሁለታችን እዚህ ከተማ ሁለት ክፍል ተከራይተን እንኖራለን።

«አለቃችን ማሸጊያ ክፍል ሰው ጎድሎናል፣ ከፈለግሽ ላዛውርሽ አለኝ» አለች።

«ማሸጊያ ብናኝ የለም አይደል?»

«የለም። ካርቶንና ፕላስተር ነው።»

«ታዲያ እሺ በይዋ፣ እታለም።»

«ማሸጊያ የሌሊት ሥራ የለውማ። የሌሊቱ አበል ቀረ ማለት ነው። ኪራዩን በምን እንከፍላለን?» ሻይዋን ፉት አለች። «ደግሞ ያንቺ ፈተና እየደረሰ አይደል? ካለፍሽ ጭራሽ ፋብሪካውን እተወዋለሁ ብዬ ነው የማስበው። እስከዚያ ባለሁበት ልቆይ። አለቃዬ ነገ ጠዋት መልስ ይፈልጋል። ስንት ቀረሽ?»

መልሱን አውቀው ነበር፤ ግን «ዛሬ በደንብ አየውና ማታ እነግርሻለሁ» አልኳት። እሺ ብላ ጋቢዋን እንደለበሰች ጋደም አለች። እንቅልፍ ከወሰዳት በኋላም ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር ሲንኮሻኮሽ ይሰማኝ ነበር።

ፈተና የምትለው የዩኒቨርሲቲ ፈተና አይደለም። እኔ በስታቲስቲክስ ተመርቄ በዩኒቨርሲቲው ውስጥ የኮምፒውተር ላብራቶሪ ረዳት ሆኜ እሠራለሁ። በትርፍ ጊዜዬ ደግሞ በስልኬ የወርቅ ዋጋ እየተከታተልኩ እገበያያለሁ። ውጭ አገር ያለ አንድ ድርጅት የፈተና አካውንት ይሰጣል። አካውንቱ ላይ የተወሰነ ትርፍ ካሳየሽ፣ ከተወሰነ መጠን በላይም ካልከሰርሽ፣ በእነሱ ገንዘብ እንድትገበያዪና ከትርፉ ድርሻ እንድትወስጂ ይፈቅዳሉ። ከኪሳራው ወሰን ካለፍሽ ግን አካውንቱ በራሱ ይዘጋል። የመጀመሪያውን ዙር አልፌ ነበር። በሁለተኛው ዙር በደንብ ወጥቼ ወጥቼ ከዚያ መውረድ ጀመርኩ፤ የዚያን ሳምንት ዓርብ ሲመሽ ከመዘጊያው ወሰን አጠገብ ደርሼ ነበር። አንድ ወይ ሁለት መጥፎ ግብይት ይበቃል። እህቴ የምታውቀው ግን ስወጣ የነገርኳትን ነው፤ ስወርድ ምንም አልነገርኳትም።

ለመውረዴ ምክንያት ፍለጋ የያዝኩት የግብይት ማስታወሻ ነበረኝ። ማስታወሻው ላፕቶፕ ላይ ያለ ፎልደር ነው። ለእያንዳንዱ ግብይት ሁለት ስክሪንሾት አነሳለሁ፤ አንዱን ስገባ፣ አንዱን ስወጣ። ከሥራቸው ለምን እንደገባሁ፣ ምን እንደተሰማኝ፣ ሕጌን ጠብቄ እንደሆነና እንዳልሆነ እጽፋለሁ። ሕጌ አጭር ነው። ዋጋው ከዚህ ቀደም የተመለሰበት ቦታ እስኪደርስ መጠበቅ። ሲደርስ ወዲያው አለመግባት፤ የአሥራ አምስት ደቂቃው ካንድል፣ ማለትም የዚያን ሩብ ሰዓት የዋጋ ጉዞ የሚያሳየው ዘንግ፣ ተዘግቶ መመለሱን ሲያረጋግጥልኝ ብቻ መግባት። ስቶፑን፣ ኪሳራዬ የሚቆምበትን ዋጋ፣ ከቦታው ማዶ ማስቀመጥ። ከዚያ እጄን መሰብሰብ።

ማስታወሻዬ ንጹሕ ነበር። ምስሎቹን ፎልደር ውስጥ ከማስገባቴ በፊት የስልኩን አናት እቆርጠዋለሁ፤ ሰዓቱን፣ የባትሪውንና የኔትወርኩን ምልክት፣ የመጡ መልእክቶችን። ቻርቱ ብቻ ጥርት ብሎ ይቀራል። ለተማሪዎች የላብራቶሪ መመሪያ ሳዘጋጅም እንደዚሁ ነኝ፤ ጠርዙ ያልተስተካከለ ሥዕል ያሳክከኛል።

የተማርኩትን ሁሉ ሞክሬ ነበር። ግብይቶቼን በቀን ከፋፍዬ አየሁ፤ ሰኞም ዓርብም አንድ ነው። በሰዓት ከፋፈልኩ፤ ከምሳ በኋላም አመሻሽም ይከስራል። መግዛትና መሸጥ፣ ትልቅና ትንሽ፣ ምንም የለም። ኪሳራዎቹ ሥር የጻፍኳቸውን ምክንያቶች ሳነብ ደግሞ እያንዳንዱ የራሱ ታሪክ አለው። «ጉልበቱ ጠንካራ ስለነበር ተከተልኩ።» «ቦታውን ሰብሮታል ብዬ።» «ዶላር የደከመ መሰለኝ።» ሁሉም አሳማኝ ነበር። በአንድ ላይ ሳነባቸው የአንድ ሰው ስህተቶች ሳይሆኑ የብዙ ሰዎች አደጋዎች ይመስሉ ነበር።

እሑድ ገበያው ዝግ ነው። ወደ አራት ሰዓት ገደማ ላፕቶፔን ይዤ ዩኒቨርሲቲው መንገድ ላይ ወዳለች አንዲት ካፌ ሄድኩ፤ ከግድግዳው ሥር ነፋስ የማይደርስበት ፀሐያማ ጠረጴዛ አላት። የቀጠርኩት የሥራ ባልደረባዬን ነው። እሱ የኔትወርክ ባለሙያ ነው፤ ግብይቱንም ያስተማረኝ እሱ ነው። ከሰው ጋር ማውራት ይከብደኛል፤ ከእሱ ጋር የሚቀለኝ የኔንም ድርሻ እሱ ስለሚያወራልኝ ነው።

«እሺ ዶክተር» አለ ወንበር እየሳበ። ዶክተር የሚለኝ ማስታወሻ ስለምይዝ ነው። «በሽተኛው እንዴት አደረ?»

«እያጣጣረ ነው።»

«አምጪው እስኪ፣ ትንፋሽ ካለው እንይ።»

ላፕቶፑን አዞርኩለት። ማኪያቶውን እየጠጣ ወደ ታች ወረደ፣ ወደ ላይ ወጣ፤ ከዚያ ግንባሩን ቋጠረ።

«የዚህ ሁሉ ምስል አናቱ የታል?»

«ቆርጬዋለሁ።»

«ለምን?»

«አያምርም። የሰው መልእክት ምናምን ይታያል።»

«የሠርግ አልበም ነው እንዴ የምታዘጋጂው?» ሳቀ። «እኔ ሰዓቱን ነው የፈለግኩት። ዋጋ የሚያናውጥ ትልልቅ ዜና ሲወጣ እየገባሽ እንዳይሆን ብዬ ነው። ትዕዛዙን የነካሽበትን ደቂቃ ከቻርቱ ማውጣት ያደክማል፤ የስልክሽ ሰዓት ቢኖር በአንዴ ይታይ ነበር።»

«ያልተቆረጡት ስልኬ ውስጥ አሉ።»

«ታዲያ ይሄን ለምን ታሳዪኛለሽ? አውጪያቸው።»

ያን ጊዜ ስልኩ ጠራና እያወራ ወደ መንገዱ ወጣ። እኔ የስልኬን ፎቶ ማኅደር ከፍቼ የከሰርኩባቸውን ግብይቶች የመግቢያ ምስል ብቻ እየመረጥኩ አንድ ላይ ሰበሰብኳቸው። በትንንሹ ተደርድረው አንድ ገጽ ሞሉ። በዚያ መጠን ቻርቱ አይነበብም፤ ካንድሎቹ የተበተነ ጤፍ ይመስላሉ። የሚታየው ቀለም ብቻ ነው። ቀኝ ጥግ ላይ፣ በአብዛኞቹ ምስሎች አናት፣ አንዲት ትንሽ ቀይ ነገር ነበረች።

አንዱን ከፈትኩ። ባትሪ ነው። ሊያልቅ ሲል የሚቀላው ባትሪ፣ ከጎኑ ደግሞ ቻርጅ ላይ መሆኑን የሚያሳየው የመብረቅ ምልክት። ሌላውን ከፈትኩ። ቀይ ባትሪ፣ መብረቅ። ሌላውንም። በአራተኛው ላይ ቀስ አልኩ፤ ልቤ መምታት ጀምሮ ነበር፤ ልብ ሲመታ ደግሞ ሰው ማየት የፈለገውን ነው የሚያየው። ስለዚህ ያተረፍኩባቸውንም አወጣሁ። እነዚያ አናታቸው የተለያየ ነው፤ ሙሉ ባትሪ፣ ግማሽ ባትሪ፣ ቻርጅ ላይ ያለ፣ የሌለ። ቀይ ሆኖ ቻርጅ ላይ ያለ ግን አንድ ብቻ አገኘሁ፤ እሱንም አስታውሰዋለሁ፣ በዕድል ነበር የወጣሁት። ከኪሳራዎቹ ውስጥ ቀይ ያልሆኑ ጥቂቶች ነበሩ። ማስታወሻቸውን ሳይ ሕጌን ጠብቄ ገብቼ ገበያው እንቢ ያለኝ ናቸው። እነሱ ስህተት አይደሉም፤ ኪሳራ ብቻ ናቸው። ማንም ያንን ይከፍላል።

ባልደረባዬ ሲመለስ ስልኩን ሰጠሁት።

«ባትሪሽ ሞቷል» አለ።

«ሕጌን በጣስኩባቸው ሁሉ ላይ።»

አንድ በአንድ አገላበጣቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ ጠፋበት፤ ብዙም አልቆየበትም። «ቆይ፣ ስልክሽ ነው እንዴ የሚያከስርሽ? ስልኩን ሽጪዋ።»

«መብራት ነው» አልኩት። ስናገር ነው ለራሴም የገባኝ። «መብራት ሲጠፋ ትንሽ ቆይቶ እኛ ሰፈር ኔትወርኩም ይጠፋል። እኔ ደግሞ መጣ፣ አልመጣ እያልኩ ስልኩን ስከፍት ስዘጋ ባትሪውን እጨርሰዋለሁ። መብራት ሲመጣ ቻርጅ እሰካና ቻርቱን እከፍታለሁ።»

«ከዚያ የቀረብሽ ካንድል ሁሉ በአንዴ ተደርድሮ ይመጣል።»

«አዎ። ወርቁ ያለ እኔ ሄዷል።»

«አንቺም ትከተይዋለሽ።»

ምስሎቹ መልሰውለታል። እያንዳንዱ ላይ ዋጋው ረጅም መንገድ ሄዶ ሊያርፍ የተቃረበበት ጫፍ ላይ የኔ የመግቢያ መስመር ተሰምሯል። ምንም የምጠብቀው ቦታ አጠገቡ የለም። ካንድሉም አልተዘጋም። ስቶፑን ማስቀመጥ የነበረብኝ ቦታ ሩቅ ስለነበር ማንኛውም ትንሽ መመለስ የሚነካው ባዶ ቦታ ላይ ጥዬዋለሁ። ዋጋው ደግሞ ከረጅም ጉዞ በኋላ ትንሽ ይመለሳል፤ ስቶፔን ይነካል፤ ከዚያ አንዳንዴ እኔ ወዳልኩበት ይሄዳል። በሰዓት ስከፋፍል ያልታየኝም ለዚህ ነው። መብራት የሚጠፋበት ሰዓት የለውም። «መብራት መጥቶ ነበር ወይ» የሚል አምድ ሠንጠረዤ ላይ ላስገባ ከቶ አላሰብኩም። ምስሉ ግን ሳልጠይቀው ይዞት ነበር፤ እኔ ነኝ ለማማር ብዬ የቆረጥኩት።

«ቀላል ነው» አለ ባልደረባዬ። «ፓወር ባንክ ትገዢያለሽ፣ አለቀ።»

እኔም ለጥቂት ጊዜ ይኸው ነው ብዬ ደስ አለኝ። ግን ከምስሎቹ አንዱ አልገጠመልኝም። ባትሪው ቀይ ነው፣ መብረቁ ግን የለበትም። ቀኑን ሳይ አስታወስኩ። ደብረ ሲና ለቅሶ ደርሰን በሚኒባስ ስንመለስ ነው። ጣርማ በር ጉሙ መስኮቱን ሸፍኖት ኔትወርክ ጠፍቶ ነበር። ዋሻውን ካለፍን በኋላ ሲመለስ፣ በአንድ እጄ የፊት ወንበሩን ይዤ በሌላው እጄ ገባሁ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት «ልጄ፣ ደህና ወሬ ነው?» ብለውኝ ነበር፤ ፊቴ ምን እንደሚመስል እግዜር ይወቅ።

«ይሄኛው ግን ከመብራት ጋር አይገናኝም» አልኩት ምስሉን እያሳየሁት። «ሚኒባስ ውስጥ ነበርኩ። ፓወር ባንክ አያድነኝም። ችግሩ ስመለስ ነው። ከምንም ልመለስ፣ ያለ እኔ የሆነ ነገር ካለ መሮጥ ነው።»

«ቀረብሽ እንጂ አልተወሰደብሽም እኮ» አለ። «ያልገባሽበት ግብይት አላከሰረሽም።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን ያስሮጥሻል?»

አቀርቅሬ ሻዬን አማሰልኩ፤ ስኳሩ ቀድሞ ሟሙቷል። እሱም አልገፋኝም። ይልቅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እኔኮ ማስታወሻ የማልይዘው ሰነፍ ስለሆንኩ አይደለም» አለ። «እንዲህ ፊት ለፊት ተደርድሮ እንዳላየው ብዬ ነው። አንቺ ጎበዝ ነሽ።» ወዲያው ደግሞ ያለው ነገር የከበደው መሰለኝ፣ «ሂሳቡን ግን ጎበዝ ናት ብዬ እኔ አልከፍልም» ብሎ ተነሣ። ከፍሎ ሄደ።

ብቻዬን ስቀር ላፕቶፑን መለስኩና ቀይ ባትሪ ያለባቸውን ግብይቶች ብቻ አንድ በአንድ ከፈትኩ። በዚህ ጊዜ ያነበብኩት ለምን እንደገባሁ የጻፍኩትን አልነበረም፤ ምን ተሰማኝ የሚለውን ነበር። ያንን መስመር ለወጉ ያህል ነበር የምሞላው፤ መለስ ብዬም አንብቤው አላውቅም። «እታለም ሌሊቱን ስትስል አደረች፣ ዛሬ ቢሳካ ጥሩ ነበር።» «ወሩ እያለቀ ነው።» «ዛሬም እንዲሁ ባዶ ሊያልፍ ነው።» «እታለም ጠየቀችኝ፣ ትንሽ ቀረኝ አልኳት።» ያለ ቀይ ባትሪ የገባሁባቸው ላይ እንዲህ ያለ ነገር እምብዛም የለም። እዚያ የሚለው «ተረጋግቻለሁ»፣ «ቀዝቃዛ ቀን» ምናምን ነው።

መብራት ጠፍቶ ስቀመጥ የሚያልቀው ባትሪው ብቻ አልነበረም። ጨለማ ክፍል ውስጥ ሥራ ፈትቼ ሳስብ የቆየሁት ስለ ወርቅ ሳይሆን ስለ እህቴ ነው። መብራቱ ሲመጣ ቻርቱ ላይ የሚታየኝ ረጅም ካንድል የዋጋ ጉዞ አልነበረም፤ እህቴን ከዚያ ክፍል ሊያወጣት ይችል የነበረ፣ እኔ ሳልኖር ያለፈ ነገር ነበር። ያንን ሳየው ነው የምሮጠው።

ላፕቶፑን ዘግቼ ወደ ቤት ሄድኩ። ምን እንደምላት መንገድ ላይ ለማሰናዳት ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም።

እህቴ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ተነሥታ ከግቢው ቧንቧ አጠገብ የሥራ ልብሷን እያጠበች ነበር። ባልዲ ገልብጬ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«እህስ፣ አየሽው?» አለች ሳታቆም።

«አየሁት። እታለም፣ አካውንቱ ሊዘጋ ትንሽ ነው የቀረው። ስወርድ ነው የሰነበትኩት፤ አልነገርኩሽም።»

እጇ ውሃው ውስጥ ቆመ።

«ደግሞ ባልፍም ደመወዝ አይደለም» አልኩ፤ አንዴ ከጀመርኩ መቆም ፈራሁ። «ካተረፍኩ ድርሻ ይሰጡኛል። ካላተረፍኩ ምንም። አንድ ወር ይኖራል፣ ሦስት ወር ላይኖር ይችላል። ሥራ ልቀቂበት የሚባል ገንዘብ አይደለም። አንቺ እንደዚያ ስታስቢ ዝም ብዬ አየሁሽ።»

እህቴ ሸሚዙን ጨምቃ ገመዱ ላይ ሰቀለችው። ጊዜ ወሰደችበት፤ እጅጌውን ሁለቴ አቃናችው።

«ለምን ወረድሽ?»

ምስሎቹን አሳየኋት። ስለ ቻርት የምታውቀው ነገር የለም፤ ቀይ ባትሪውን ግን ወዲያው አየችው። ምን ማለት እንደሆነ ነገርኳት። ስለ እሷ የጻፍኩትንም አነበብኩላት።

«ስለዚህ የማስሮጥሽ እኔ ነኝ» አለች።

«አንቺ አይደለሽም። እኔ ነኝ አንቺን ተሸክሜ የምሮጠው።»

«እኔኮ ተሸከሚኝ አላልኩሽም።» ተቆጥታ ነበር። «ስንት ቀረሽ ማለት ወሬ ነው። ሰው እህቱን ዋልሽ አደርሽ ይላል። እኔ ምን አውቄ? ቤት ስገባ ስልክሽ ላይ ተተክለሽ አገኝሻለሁ፤ ሌላ ምን ልበልሽ?»

«እውነትሽን ነው።»

«እንዲህ የሚያስጨንቅ ከሆነ ተይዋ። ማን አዘዘሽ?»

«መተው አልፈልግም። እወደዋለሁ። ቀስ ብዬ ከያዝኩት ምናልባት ይሆንልኛል። ግን ያንቺ ሳንባ የሚጠብቀው ከሆነ ቀስ ልለው አልችልም።»

ሌላ ልብስ ውሃው ውስጥ ነከረች። ጎረቤት ሬዲዮ ተከፍቶ ነበር፤ የሆነ ሰው ስለ ገብስ ዘር ያወራል።

«እና አሁን እኔ ማሸጊያ ልግባ ነው ነገሩ?»

«ባንቺ ቦታ ብሆን እገባ ነበር።»

«ኪራዩስ?»

«ሁለተኛዋን ክፍል እንመልስላቸው። አንድ ክፍል ይበቃናል።»

«አብረን ልንተኛ?» ዞር ብላ አየችኝ። «አንቺ በእንቅልፍሽ ትራገጫለሽ። ከሳሉ የባሰ ነው።»

«ያን ጊዜ ልጅ ነበርኩ።»

«ባለፈው ጎረቤላ እናታችን ጋ ስንተኛም ልጅ ነበርሽ?» አለች፤ ሳቋ መጣ፣ ከሳቁ ሳሉ ተከተለ፤ እስኪያልፍላት ጀርባዋን ያዝኩላት። ሲያልፍላት «አስቤበት እነግርሻለሁ» ብላ ወደ ልብሷ ተመለሰች። እሑድ ለሰኞ አጥቢያ ፈረቃ አልነበራትም፤ ሁለታችንም በጊዜ ተኛን።

በማግሥቱ ጠዋት ስነሣ መብራት የለም። ስልኬ እንደተለመደው ሊሞት ደርሶ ነበር። ቁርስ ስናቀርብ አምፖሉ በራ። እጄ ከእኔ ቀድሞ ቻርጀሩን ሰካና ቻርቱን ከፈተ። ካንድሎቹ ተደርድረው መጡ፤ ወርቅ ሌሊቱን ወደ ላይ ሄዶ ነበር፣ ሩቅ። ስክሪንሾት አነሳሁ፤ አናቱን አልቆረጥኩም። ከሥሩ «ሄዷል። አልገባሁም። ሆዴ ግን ገብቶ ነበር» ብዬ ጻፍኩ። ቀጥዬ የሚመለስበትን ቦታ በመስመር ምልክት አድርጌ፣ እዚያ ካልመጣ ዛሬ ግብይት እንደሌለ ለራሴ ጻፍኩ።

እህቴ ጫማዋን እያሰረች ነበር።

«እሄዳለሁ» አለች። «እሺ ልበለው። ግን ሰውዬው ፊት ስቆም ሐሳቤን እቀይር ይሆናል፤ የአበሉ ነገር ይመጣብኛል።»

«አብሬሽ ልሂድ?»

«አንቺ?» አለች ከእግሬ እስከ ራሴ እያየችኝ። «ሱቅ ገብተሽ ጨው ስጡኝ ለማለት የምታፍሪው?»

ላብራቶሪ የምገባው ከሰዓት ነበር። ስልኬን ቻርጀሩ ላይ ትቼ ነጠላዬን አነሳሁ።

ፋብሪካው በር ላይ የሌሊት ፈረቃ እየወጣ፣ የቀኑ እየገባ ነበር። ጥበቃው እህቴን አውቋት እኔን «አንቺስ?» አለኝ፤ «እህቴ ናት» አለችው። አለቃዋ ከበሩ ውስጥ ከአንዲት ጠባብ ቢሮ ፊት ቆሞ ስም እየጠራ ነበር። ተራችን ሲደርስ እህቴ ሰላም አለችው። እሱ ጠበቀ። እሷ ጫማዋን አየች። የሚመጣባት ነገር እንደመጣባት ገባኝ።

«ማሸጊያ ትገባለች» አልኩ። ድምፄ ካሰብኩት በላይ ወጣ፤ ከኋላችን ያሉት ሴቶች ዞሩ። ጆሮዬ ሲግል ተሰማኝ። «ክር መፍተያው ደረቷን እየጎዳት ነው። እርስዎ ቦታ አለ ብለዋታል።»

ሰውዬው እኔን ተወና ወደ እሷ ዞረ። «እውነት ነው የምትለው?»

እህቴ ቀና አለች። «እውነት ነው» አለች። «ጻፉኝ።»

ስሟን ጻፈ። ዛሬውኑ ወደ ማሸጊያው እንድትሄድ በእጁ አመለከታት። ጥቂት እርምጃ ሄዳ ቆመችና ዞር አለች። «ማታ ዕቃውን ወደ አንዱ ክፍል አሻግሪ። አልጋው ግድግዳው ጋ ይሁን፤ ግድግዳው በኩል የምተኛው እኔ ነኝ» ብላኝ ገባች።